ሰባቱ «ውሸታም» ቴርሞሜትሮች

ሰባት ቴርሞሜትሮችን በገዛ ፊርማዬ ገድያለሁ። ይህን ከመጀመሪያው ተናግሬ ብገላገል ይሻለኛል። ቀጥሎ የማወራው ስለ ድሌ ነው፣ ድሉን የሚያወራ ሰው ደግሞ ጥፋቱን በጎን በኩል አሹልኮ ማሳለፍ ይወዳል።

ሆሳዕና ውስጥ በአንድ መሰናዶ ትምህርት ቤት የላቦራቶሪ፣ በአጭሩ የላብ፣ ቴክኒሽያን ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት አንጋጫ ነው፤ ቤታችን የሚነገረው ከምባትኛ ነው፣ አማርኛን የተማርኩት ትምህርት ቤት ነው፣ ሀዲይኛን ደግሞ ሆሳዕና ገበያ ውስጥ ስከራከር ለመድኩት። ያለኝ ዲፕሎማ ነው። ባለ ዲግሪዎች በሞሉበት መምህራን ማረፊያ ውስጥ ባለ ዲፕሎማ መሆን ምን እንደሚመስል የሚያውቀው የቀመሰው ብቻ ነው። ከፊቴ «እህታችን» ይሉኛል፣ ዞር ስል «ቁልፍ ያዥዋ»። እውነታቸውን ነው፤ ለስድስት ዓመት የያዝኩት ቁልፍ ብቻ ነበር። ላቡ ውስጥ የተሰበሩ ዴስኮች ተደርድረዋል፣ የስፖርት መረብ ተንጠልጥሏል፣ የብርጭቆ ቢከሮቹ አቧራ ለብሰዋል። ተማሪዎች ኬሚስትሪን የሚያውቁት ከጥቁር ሰሌዳ ላይ ነው።

ለምን አይሠራበትም ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ምክንያቱ ቴርሞሜትር የለንም የሚል ነበር። ቴርሞሜትርማ ነበረን። ችግሩ የኬሚስትሪ ክፍል ኃላፊያችን ነገር ጠንቃቃ መሆናቸው ነው። ሰውየው ዕድሜያቸው ወደ ጡረታ የተጠጋ፣ ወላጆቻቸው ከሰሜን መጥተው እዚሁ የሠፈሩ፣ ሸሚዛቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ሲያስተምሩ ጠመኔያቸውን በወረቀት ጠቅልለው የሚይዙ መምህር ናቸው። እኔ ጋሼ ነው የምላቸው። ጋሼ አዲስ ቴርሞሜትር በመጣ ቁጥር መጀመሪያ የሚፈላ ውሃ ውስጥ ነክረው ይፈትኑታል። መቶ ካላለ የተበላሸ ነው። አንዱም መቶ ብሎ አያውቅም። ሁሉም ዘጠና ሁለት፣ ቢበዛ ዘጠና ሦስት ላይ ይቆማሉ። ጋሼ «ፋብሪካው አጭበረበረን» እያሉ ያወጡታል፣ እኔም የሚወገዱ ንብረቶች ቅጽ ላይ «የማይሠራ» ብዬ እፈርማለሁ። እንዲህ እያልን ሰባት ደረሱ።

ከዚህ የባሰውንም ልንገራችሁ። ድሮ፣ ጥቂት የተግባር ትምህርት ይሰጥ በነበረበት ጊዜ፣ ተማሪዎቹ የውጤት ሠንጠረዥ ላይ የሚሞሉት መቶ ነበር። ዓይናቸው ዘጠና ሁለት ያያል፣ እጃቸው መቶ ይጽፋል፤ መጽሐፉ መቶ ነዋ የሚለው። እኔም ተማሪ ሳለሁ አንጋጫ ውስጥ መቶ ብዬ ጽፌ አሥር ከአሥር አግኝቻለሁ።

እንግዲህ ባለፈው ዓመት ትምህርት ቤቱ የንብረት መጋዘን አጠረው። የትምህርት ቤቱን ክፍሎች የሚደለድል ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ሰብሳቢው ከትምህርት ጽሕፈት ቤት የመጡ ባለሙያ ናቸው፣ አንዲት እናት ደግሞ የወላጆች ተወካይ ሆነው ገቡ። ኮሚቴው ዞሮ ዞሮ ላቤ በር ላይ ቆመ። ሰብሳቢው ዴስኩን አዩ፣ መረቡን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ይሄ ክፍል ምን ይሠራል?» አሉ።

«ተግባር ትምህርት ይሰጥበታል» አልኩ። ውሸቴን ነበር።

«መቼ?»

አጠገቤ የቆሙት ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ምዕራፉ ሲደርስ ስለ መፍላት ነጥብ አንድ ሙከራ ታቅዷል አሉ። ሰብሳቢው ሳቁ። መጥፎ ሰው አይደሉም፤ ቸኳይ ናቸው። «ሞለኪውሉ ቀላል የሆነው ቶሎ ይፈላል፣ ከባዱ ዘግይቶ ይፈላል። ይህን ለማወቅ አንድ ሙሉ ክፍል መያዝ ያስፈልጋል?» አሉ። «ክፍሉ መጋዘን ይሁን። እህታችንን ደግሞ ሪከርድ ክፍል እንመድባታለን።»

ሪከርድ ክፍል ማለት ቀኑን ሙሉ ትራንስክሪፕት ላይ ማኅተም መምታት ነው። ደሜ ፈላ። የእኔ ደም ለመፍላት ዘጠና ሁለት ዲግሪ አይጠብቅም።

«እኩል የሚመዝኑ ነገሮች በተለያየ ሙቀት ሲፈሉ ባሳይዎትስ?» አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ስለነበር ጋሼ ክርኔን ነካ አደረጉኝ።

ሰብሳቢው እስክሪብቷቸውን እያሽከረከሩ ተመለከቱኝ። «እኩል የሚመዝን እኩል ነው የሚፈላው» አሉ። «ካሳየሽኝ ላቡ ላብ ሆኖ ይቀራል። ሁለት ሳምንት ሰጥቼሻለሁ።» ይህን ቃለ ጉባኤ ላይ አስጻፉት። ከዚያች ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የሚባል ነገር ከእኔ ጋር ተኳረፈ።

ፈሳሾቹ አላስጨነቁኝም፤ ጭንቄ ቴርሞሜትር ነበር። መለኪያ የሌለው ላብ መቼም ላብ አይባልም።

በዚያው ሳምንት ማብቂያ ታላቅ እህቴ ከቆላው ከአርባ ምንጭ መጣች። እዚያ አግብታ ስትኖር ዓመታት ሆኗታል። ቅዳሜ ቦሎቄ ጥዳ ቆማ ታጉረመርማለች። «እናንተ አገር ቦሎቄ የሚበስለው በጸሎት ነው እንዴ? እኔ ዘንድ ብሆን ይኼኔ በልተን ዕቃውን አጥበን ነበር» አለችኝ። እሳቱን አየሁት፣ ውሃው ተንተክትኮ እየፈላ ነው። ይፈላል፣ ግን አያበስልም። እጄ ላይ የነበረውን ሽንኩርት አስቀመጥኩት።

ውሃ ሲፈላ በውስጡ የሚፈጠረው እንፋሎት ከላይ የሚጫነውን አየር ገፍቶ መውጣት አለበት። እኛ ከፍታ ላይ ነን፤ በላያችን ያለው አየር ሳሳ ያለ ነው፣ የሚጫነውም ያነሰ ነው። ስለዚህ ውሃችን መቶ ሳይደርስ ይፈላል፣ ከፈላም በኋላ ከዚያ በላይ አይሞቅም። ቦሎቄው የሚዘገየው ለዚህ ነው። ይህን ኮሌጅ ተምሬዋለሁ፤ ፈተና ላይ መልሼዋለሁም። ግን ያ ዕውቀት ደብተሬ ውስጥ ሲኖር እኔ ደግሞ ሆሳዕና ስኖር፣ ሁለታችን ተገናኝተን አናውቅም ነበር። ዓይኔን ግንባር ያድርገው!

ሰኞ ጠዋት ገና በሩ ሳይከፈት ትምህርት ቤት ደረስኩ። የሚወገዱ ዕቃዎች ካርቶን ውስጥ ሰባቱም በጋዜጣ ተጠቅልለው ተኝተዋል። ከመንገድ ማዶ ካለው ጁስ ቤት በረዶ ለምኜ ፈጭቼ በትንሽ ውሃ በጠበጥኩትና ሰባቱንም ነከርኳቸው። ሰባቱም ዜሮ ላይ ቆሙ። አንዱም አላጋደለም። ቀጥሎ ከትምህርት ቤታችን በር ላይ ሻይ የምትሸጠው ሴትዮ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነከርኳቸው። ሰባቱም ዘጠና ሁለት ከምናምን። ሰባት ውሸታም ተማክሮ እንኳ አንድ ዓይነት ውሸት አይዋሽም። እኛ ሽማግሌ ፊት ሦስት ምስክር አንድ ቃል ሲሰጥ እንፈርዳለን፤ እነዚህ ሰባት ሆነው እውነቱን ሲነግሩን ስድስት ዓመት «የማይሠራ» ብለናቸዋል። አልዋሽም፣ አለቀስኩ። ከዚያ ደግሞ ሳቅሁ፣ ሻይ ሻጯ «ምነው እህቴ፣ ደህና ነሽ?» እስክትለኝ።

ጋሼ ዘንድ ሄጄ ነገርኳቸው። ሸሚዛቸውን አስተካከሉ፣ ጠመኔውን ከወረቀቱ አወጡት፣ መልሰው ጠቀለሉት።

«ታዲያ እስከ ዛሬ ምን ስናስተምር ኖርን?» አሉ በመጨረሻ።

«መጽሐፉን፣ ጋሼ።»

«ስሚኝ ልጄ። ልክ ነሽ። ግን ኮሚቴው ፊት ዘጠና ሁለት ብትይ ይስቁብሻል። የማይሠራ ተብሎ የተፈረመበት ቴርሞሜትር ይዘሽ ነው የምትቀርቢው። መቶ በይና ይለፍ፤ ላቡ ይዳን።»

ለእኔ አስበው ነው። ቢሆንም ውስጤ አልተቀበለውም። ላቡን በውሸት ካዳንኩት ምኑን አዳንኩት? «አይሆንም ጋሼ» አልኩና ወጣሁ። በሩን ትንሽ ጠንከር አድርጌ ሳልዘጋው አልቀረሁም።

አሁን ፈሳሾቹን ለቀምኳቸው። የፈለግሁት ክብደታቸው እጅግ የተቀራረበ፣ ጠባያቸው ግን የተለያየ ሞለኪውሎችን ነበር። አንደኛ፣ ከኪዮስክ የገዛሁት ውስጡ የሚታይ ላይተር፤ ያለበት ፈሳሽ በአብዛኛው ቡቴን ነው፣ የሞለኪውሉ ክብደት በኬሚስትሪ መለኪያ ሃምሳ ስምንት። ሁለተኛ፣ ከውበት ሳሎን ያመጣሁት የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አሴቶን፤ እሱም ሃምሳ ስምንት። ሦስተኛ፣ ላቡ ውስጥ ሳይከፈት የኖረ አይሶፕሮፓኖል የሚባል አልኮል፤ ስድሳ። አራተኛ፣ መናኸሪያው አጠገብ ካለ ጋራዥ ያገኘሁት፣ ውሃ ያልተቀላቀለበት የራዲያተር ፈሳሽ፤ ግላይኮል ነው፣ ስድሳ ሁለት። መካኒኩ «እንዳትቀምሺው፣ ሲጣፍጥ ይገድላል» ብሎ ሦስት ጊዜ አስጠነቀቀኝ። እውነቱን ነው፤ ጠርሙሱ ላይ በቀይ መርዝ ብዬ ጻፍኩበት።

ቀኑ ደረሰ። ዴስኮቹን አውጥቻለሁ፣ መስኮቱን ሁሉ ከፍቻለሁ፣ ጋውኔን ተኩሼ ለብሻለሁ። የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች ከኋላ ቆመዋል። ኮሚቴው ገባ። ጋሼ ጥግ ያዙ። የኤሌክትሪክ ምድጃዬን ሰካሁ፣ ቀዩ መብራት በራ፣ ሁለት ደቂቃ እንኳ ሳይቆይ ጠፋ።

መብራት ሄደ።

ከተማሪዎቹ አንዱ «ኡ!» አለ። ሰብሳቢው ሰዓታቸውን አዩ። ሪከርድ ክፍሉ፣ ማኅተሙ፣ ሁሉም ፊቴ መጣ። ከዚያ የሻይ ሻጯ ከሰል ትዝ አለኝ። «ክቡራን» አልኩ፣ «ላቡ በር ድረስ ይሄዳል። ይከተሉኝ።»

ሰልፉን ብታዩት ሠርግ ይመስል ነበር። ከፊት እኔ ቴርሞሜትር ይዤ፣ ከኋላዬ ሰብሳቢው፣ የወላጅ ተወካይዋ እናት በነጠላቸው፣ ጋሼ፣ ከኋላ ዕቃዬን ተሸክሞ ስልሳ ተማሪ። የሻይ ሻጯ ማንቆርቆሪያ ይንተከተካል። ቴርሞሜትሩን ነከርኩና ለሰብሳቢው አሳየኋቸው።

«ዘጠና ሁለት» አሉ። ከዚያ ቦርሳቸውን ከፈቱ። እጃቸው ላይ የወጣው ወረቀት ምን እንደሆነ ሳላነበው አወቅሁት። «ይሄ የማስወገጃ ቅጽ ነው። ሰባት ቴርሞሜትር፣ የማይሠሩ። ፊርማው የማን ነው?»

«የእኔ ነው።»

«ታዲያ በተበላሸ ቴርሞሜትር ነው የምታሳዪኝ?»

ስልሳ ተማሪ ያየኛል። መቶ በይና ይለፍ ያሉኝ ጋሼ ያዩኛል።

«ቴርሞሜትሩ አልተበላሸም፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «የፈረምኩት ውሃ የትም ቦታ በመቶ ይፈላል ብዬ ነው። እኛ ከፍታ ላይ ነን፤ እዚህ የሚፈላው በዘጠና ሁለት ገደማ ነው። ካላመኑኝ ሰባቱንም በረዶ ውስጥ ነክሬ አሳይዎታለሁ፣ አንዱ ከዜሮ ቢያፈነግጥ ቁልፉን አሁኑኑ አስረክባለሁ።»

በረዶውን በፔርሙስ አዘጋጅቼ ነበር። ሰባቱን ጎን ለጎን ነከርኳቸው። ሰብሳቢው መነጽራቸውን አድርገው አንድ በአንድ አነበቡ፤ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ። ሰባተኛው ላይ ሲደርሱ ከኋላዬ ድምፅ ተሰማ።

«ከሷ ፊርማ በላይ የእኔም አለ» አሉ ጋሼ። «እንድትፈርም ያደረግኋት እኔ ነኝ። ልጅቱ ልክ ናት።»

ከዚህ በፊት ጋሼ ተሳሳትኩ ሲሉ የሰማ ያለ አይመስለኝም። አንጀቴ ራሰ። ሰብሳቢው ወረቀቱን አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ መለሱና «በይ፣ እኩል የሚመዝኑትን አሳዪኝ» አሉ።

እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ከከሰሉ ራቅ ብለን፣ ነፋስ ባለበት ጀመርን። ላይተሩን አነሳሁ። «ይህ ፈሳሽ ነው፣ ታዩታላችሁ። ፈሳሽ የሆነው ታምቆ ስለተዘጋ ነው።» የላይተሩን አፍ ውሃ በሞላ ባልዲ ውስጥ ነክሬ ማስወጫውን ስጫን አረፋው ተንደቀደቀ። ክብሪት ሳይጫር፣ ማንም ሳያሞቀው፣ ገና ከመውጣቱ ጋዝ ሆነ። «ይህ የሚፈላው ከበረዶ በሚቀዘቅዝ ሙቀት ነው። ክብደቱ ሃምሳ ስምንት።»

ቀጥሎ ማንቆርቆሪያውን ይዘን ላብ ገባን። የከሰሉን እሳት እዚያው ትተነው መምጣታችን እንዲያውም ጠቀመን፤ አሴቶንና አልኮል እሳት አጠገብ አይፈላም። ሙቅ ውሃውን ትልቅ ቢከር ውስጥ ገለበጥኩት፣ ቴርሞሜትሩ ሰማንያ ስድስት አለ። አልኮሉንና ግላይኮሉን በሁለት ቀጭን የብርጭቆ ቴስት ቲዩብ፣ ፈሳሹ በአንዴ እንዳይፈናጠር ትንሽ የሸክላ ስባሪ ጣል አድርጌባቸው፣ ሙቅ ውሃው ውስጥ አቆምኳቸው። ጥቂት ቆይቶ አልኮሉ ፈላ። ግላይኮሉ ፀጥ። ተማሪዎቹ ቀረብ ቀረብ አሉ።

ቀዝቃዛ ውሃ በኩባያ ጨመርኩ። ሰማንያ። ሰባ ሰባት። አረፋው ሳሳ፣ ሰባ አምስት ላይ ቀጥ አለ። እስከ ስድሳ አምስት አወረድኩት። አሁን አሴቶኑን አስገባሁ። ወዲያው ተንተከተከ። ከጎኑ ያለው አልኮል፣ በክብደት በሁለት ብቻ የሚበልጠው፣ በዚያው ውሃ ውስጥ ንቅንቅ አይልም። አንዲት ተማሪ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ጮኸች። ቀዝቃዛ ውሃ እየጨመርኩ ሙቀቱን አወረድኩ፤ ውሃው አርባ ስምንት ላይ ሲደርስ አሴቶኑ አረፈ።

«መጽሐፉ ለአሴቶን ሃምሳ ስድስት፣ ለአልኮሉ ሰማንያ ሁለት ይላል» አልኩ። «እኛ ያገኘነው ሁለቱም ዝቅ ብለው ነው፣ እንደ ውሃው። ግን ማን ማንን እንደሚቀድም አልተለወጠም፣ በመካከላቸው ያለው ርቀትም ያው ሃያ ስድስት ሃያ ሰባት ዲግሪ ነው። ግላይኮል ደግሞ በመጽሐፉ ወደ ሁለት መቶ ይጠጋል፤ የእኛ ውሃ አይደርስበትም።»

ሰብሳቢው ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ለምን?» አሉ። ይህን የጠየቁት ለመፈተን አልነበረም። የምር ማወቅ ፈልገው ነው፤ ፊታቸው እንደ ተማሪ ሆኖ ነበር።

ጥቁር ሰሌዳው ጋ ልሄድ አልኩና ተውኩት። «እሑድ አምልኮ አልቆ ስንወጣ አስቡት» አልኩ። «በሩ ላይ ሁሉም ሰው አንድ ያህል ነው፣ ማንም ከማንም አይከብድም። ግን አንዳንዱ ከሩቅ አንገቱን ነቅነቅ አድርጎ ይሄዳል። ቡቴን ይህ ነው። ሞለኪውሎቹ መሳሳብ አላጡም፤ ሁሉም ሞለኪውል ጥቂት ይሳሳባል፣ ግን ደካማ ነው፣ ለመለያየት ሙቀት አይጠይቅም። ሌላው ቆም ብሎ ይጨባበጣል፤ አሴቶን ነው። በአንድ ጎኑ ጥቂት አሉታዊ፣ በሌላ ጎኑ ጥቂት አዎንታዊ ነው፤ ያ ጎን ይህን ጎን ይስባል። ሦስተኛዎቹን ታውቋቸዋላችሁ። እጅ ከያዙ አይለቁም! ‹ልጆች ደህና ናቸው? ላሟ ወለደች?› እያሉ ሰዓት ይሞላቸዋል። አልኮሉ እንዲህ ነው። ኦክሲጅኑ ላይ የተለጠፈ ሃይድሮጅን አለው፤ ያ ሃይድሮጅን የጎረቤቱን ኦክሲጅን ጭምድድ አድርጎ ይይዛል። ሃይድሮጅን ቦንድ የምንለው ይህን ነው። አሴቶንም ኦክሲጅን አለው፣ ግን ሃይድሮጅኖቹ ካርቦን ላይ ስለሆኑ እርስ በርሱ እንዲህ ሊያያዝ አይችልም። ግላይኮል ደግሞ እንዲህ ያለ መያዣ ሁለት አለው፤ በሁለት እጁ ይይዛል።»

«ውሃስ?» አለ ከኋላ አንድ ተማሪ።

«ውሃማ ክብደቱ አሥራ ስምንት ብቻ ነው። እሱን የሚያክለው ሜቴን፣ አሥራ ስድስቱ፣ ከዜሮ በታች ከመቶ ስድሳ ዲግሪ በሚወርድ ብርድ ነው የሚፈላው። ውሃን ዘጠና ሁለት ድረስ ያስቆየው ያው እጅ ለእጅ መያያዙ ነው።»

የወላጅ ተወካይዋ እናት ከፊት ቆመው ይከታተሉ ነበር። ከፎንቆ የመጡ፣ ቅቤ ነጋዴ፣ አማርኛቸውን እያመዛዘኑ የሚናገሩ ሴት ናቸው። እጃቸውን አወጡ።

«እኔ አልተማርኩም፣ ልጄ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። ሰዎቹ እጅ ለእጅ ሲላቀቁ ይለያያሉ። እጁ ራሱ ይቆረጣል ወይ?»

ክፍሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ ከስድስት ዓመት ወዲህ ከተጠየቅሁት ጥያቄ ሁሉ የበለጠው ይህ ነበርና። ስንት ተማሪ፣ ውሃ ሲፈላ የሚወጣው አረፋ ሃይድሮጅንና ኦክሲጅን ነው ብሎ ፈተና ላይ ይጽፋል መሰላችሁ።

«አይቆረጥም፣ እማማ» አልኩ። «በደንብ ጠየቁ። ሲፈላ የሚላቀቀው በሰውና በሰው መካከል ያለው ነው፣ ሰውየው ሙሉ ሆኖ ነው የሚሄደው። እንፋሎቱም ውሃ ነው።»

«እንግዲያው» አሉ ወደ ሰብሳቢው ዞር ብለው፣ «አንተ ክብደቱን አየህ፣ መያያዙን ግን አላየህም። አንድ እጅ ብቻውን ደካማ ነው፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለውም ለዚህ ነው።»

ሰብሳቢው መጀመሪያ ፈገግ አሉ፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ሳቁ መጣባቸው፣ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። «ተሸነፍኩ» አሉ። «ቃለ ጉባኤው ላይ ይጻፍ። ክፍሉ ላብ ነው። መጋዘኑን ሌላ ቦታ እንፈልጋለን። ቴርሞሜትሮቹም ከማስወገጃው ይሰረዙ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ሪከርድ ክፍል ያልኩትን ተይው።»

ተማሪዎቹ አጨበጨቡ። አንዱ ፉጨት ለቀቀ፣ ጋሼም ለመጀመሪያ ጊዜ ፉጨት ሲሰሙ አልተቆጡም። እኔ ከደስታዬ ብዛት የማደርገው ጠፍቶኝ ቢከሩን አነሳሁ፣ መልሼ አስቀመጥኩት። በዚያ ቅጽበት ስድስቱ ዓመታት ሁሉ ተከፈሉኝ፣ ትርፍም ተረፈኝ። ልደብቀው አልፈልግም፤ ኮርቻለሁ። እናቲቱ ሲሰናበቱኝ እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ስለ እናቴ ጤና፣ ስለ እርሻችን፣ ስለ አንጋጫ ዝናብ ሲጠይቁኝ ሰብሳቢው መኪናው ውስጥ ሆነው ይጠብቋቸው ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት የመጀመሪያው ተግባር ትምህርት ተሰጠ፣ በእውነተኛ ተማሪዎች፣ በእውነተኛ ላብ። መብራት ነበረ። ሰባቱን ቴርሞሜትሮች ለሰባት ቡድን አከፋፈልኳቸው። ጋሼ ጠመኔያቸውን ይዘው ሰሌዳው ጋ ቆሙ፣ እኔ በጠረጴዛዎቹ መካከል እዞራለሁ። የመጀመሪያው ሥራ ውሃ አፍልቶ የሚያነቡትን መመዝገብ ነበር። አንዲት ከኋላ የተቀመጠች ልጅ፣ ከሀቢቾ የመጣች፣ ብዙ የማትናገር፣ እጇን አወጣች። አንድ ጣቷ መጽሐፉ ላይ ነው፣ እስክሪብቶዋ ሠንጠረዡ ላይ በአየር ቆሟል።

«ቲቸር፣ እኔ ያነበብኩት ዘጠና ሁለት ነው። መጽሐፉ መቶ ይላል። የቱን ልጻፍ?»

ጋሼን አየኋቸው። ጋሼ አዩኝ፤ ከዚያ ጠመኔያቸውን አስቀምጠው፣ ልጅቷ ጋ ሄደው፣ መጽሐፉን ቀስ ብለው ዘጉት።

«ያየሽውን ጻፊ» አሏት።